ስልኩ ከመኪናው ጋር ተገናኝቷል፤ ድምፁስ የት ገባ?

እየነዳችሁ ስልክ ይጠራል። መሪው ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ሙዚቃው ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ የደዋዩ ስም ይወጣል፤ ሰዓቱም መቁጠር ይጀምራል፦ 00:03፣ 00:04፣ 00:05። ድምፅ ግን የለም። «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» ትላላችሁ። ዝም። ከዚያ አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሆናል። ትራፊክ ፖሊስ የሚያየን ደግሞ ሁልጊዜ ያቺን ደቂቃ ነው።

ይህ ችግር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላልና። ስልኩ «ተገናኝቻለሁ» ይላል፣ መኪናውም «ተገናኝቻለሁ» ይላል፣ ጥሪው ተነስቷል። ታዲያ ምን ቀረ? መልሱ ያለው ብሉቱዝ ሥራውን የሚከፋፍልበት መንገድ ላይ ነው። እሱ ከገባን ጥፋቱን መፈለግ ግምት መሆኑ ይቀራል።

«ተገናኝቷል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብሉቱዝ አጭር ርቀት የሚሄድ ሬዲዮ ነው። ስልኩም የመኪናው ቴፕም (ስክሪን ያለውንም ሁላችንም ቴፕ ነው የምንለው) በዚሁ ሬዲዮ ያወራሉ። ብዙዎቻችን በሁለቱ መካከል አንድ ገመድ የተዘረጋ ይመስለናል። ገመዱ ካለ ሁሉም ነገር ያልፋል፣ ከሌለ ምንም አያልፍም ብለን እናስባለን።

እንደዚያ አይደለም። በአንዱ ግንኙነት ውስጥ የተለያዩ አገልግሎቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምምነት አለው። አንዱ ሙዚቃ ብቻ ያስተላልፋል። ሌላው ስልክ ማውጫችሁን ወደ መኪናው ይገለብጣል። ሌላው የስልክ ጥሪን ይይዛል። አንዱ ሠርቶ ሌላው ላይሠራ ይችላል። ለዚህ ነው ሙዚቃ ጥርት ብሎ እየወጣ ጥሪ የሚደነቁረው። «ዘፈን ይሠራል እኮ፣ ብሉቱዙ ደህና ነው» የሚለው ክርክር ብዙም የማያስኬደውም ለዚህ ነው።

የጥሪው አገልግሎት ራሱ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የመልእክት መስመር ነው፤ «ስልክ እየጠራ ነው»፣ «የደዋዩ ቁጥር ይሄ ነው»፣ «ተነስቷል»፣ «ተዘግቷል» የሚሉ አጫጭር መልእክቶች በዚህ ይመላለሳሉ። ሁለተኛው የድምፅ መስመር ነው። ይሄኛው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ለንግግሩ ሲያስፈልግ ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል።

ግቢ በር ላይ ዘበኛ አለ እንበል። እንግዳ ሲመጣ «እንግዳ መጥቷል፣ ይግባ?» ይላችኋል። «ይግባ» ትላላችሁ። እንግዳው ግን የግቢውን በር ካለፈ በኋላ የሳሎኑም በር ሊከፈትለት ይገባል። የሳሎኑ በር ከተቆለፈ ዘበኛው «ገብቷል» ብሎ ይምላል፤ እናንተ ሳሎን ውስጥ ብቻችሁን ተቀምጣችኋል። ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት የዘበኛው ወሬ ነው። ድምፁ ስለመግባቱ ምንም አይናገርም።

ማጣመር እንዴት ነው የሚደረገው?

ማጣመር፣ በተለምዶ ፔር ማድረግ የምንለው፣ ሁለቱ ዕቃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቁበት ሥነ ሥርዓት ነው። ሲተዋወቁ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ ይሠሩና ሁለቱም ጋ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ መኪናው በተነሳ ቁጥር በዚያ ቁልፍ ይተዋወቃሉ፤ እንደገና መጠየቅ የለም።

መኪናውን አቁሙ፤ ብዙ መኪና እየሄደ ማጣመር አይፈቅድም። ቴፑ ላይ ብሉቱዝ የሚለውን ወይም የብሉቱዝን ምልክት ፈልጉና አዲስ ስልክ ጨምር የሚለውን ክፈቱ። ከጃፓን እንደመጣ የቀረ ቴፕ ከሆነ ጽሑፉ ላይነበብ ይችላል፤ ምልክቷ ግን የትም አገር አንድ ናት። ከዚያ ስልኩ ላይ ብሉቱዝ ክፈቱ፤ የመኪናው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ሲመጣ ንኩት። አዲስ ቴፕ ከሆነ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስድስት አሃዝ ይወጣል። አንድ መሆኑን አይታችሁ በሁለቱም በኩል እሺ በሉ። አሮጌ ከሆነ ቁጥር ጻፉ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው።

አሁን የሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። ስልኩ «ስልክ ማውጫህን ለዚህ ዕቃ ላካፍል?» ይላል። የራሳችሁ መኪና ከሆነ ፍቀዱ። የተከራያችሁት ወይም የሰው ከሆነ እምቢ በሉ፤ ጥሪው ያለ እሱም ይሠራል፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ይታያል እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። ቴፑ የሚያስታውሰው የስልክ ብዛት የተወሰነ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ዝርዝሩ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት፣ የልጁ፣ ያሻሻጠው ደላላም ስልክ ተሰልፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ማጣመር እምቢ ካለ መጀመሪያ እሱን አጽዱት።

ድምፅ ሲጠፋ ከየት ልጀምር?

ቆማችሁ፣ የምትቀርቡት ሰው ጋ ደውሉ። እንደተነሳና ድምፅ እንደሌለ ስልኩ ላይ የድምፅ መውጫ ምርጫውን ንኩ። አይፎን ላይ Audio የሚለው ቁልፍ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ Speaker ወይም Bluetooth የሚለው ቦታ ነው። ከዚያ ድምፁን ወደ ስልኩ መልሱት።

አሁን ሰውየው ከተሰማችሁ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ችግሩ በስልኩና በመኪናው መካከል ወይም መኪናው ውስጥ ነው። ስልኩም ላይ ካልተሰማ ግን መኪናውን አትንኩ። ብሉቱዙን አጥፍታችሁ እንደገና ደውሉ፤ ያኔም ካልተሰማ ጥፋቱ የስልኩ ወይም የመስመሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የማይሰማው ማን ነው? እናንተ ናችሁ፣ እሱ ነው፣ ወይስ ሁለታችሁም? ይህችን ሳይጠይቁ ቴፕ ወደማስፈታት የሚሮጡ አሉ። እናንተ ብቻ ካልሰማችሁ ነገሩ የድምፅ መጠን ወይም የስፒከር ነው። እሱ ብቻ ካልሰማ የማይክ ነው። ሁለታችሁም ካልሰማችሁ የድምፅ መስመሩ ራሱ አልተከፈተም፤ ወይም ድምፁ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ሌላ ቦታ ማለት የት? ለምሳሌ ቦርሳ ውስጥ ሽፋኑ ያልተከደነ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ። ወይም እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት ውስጥ። ስልኩ ብዙ ዕቃ ከተገናኘው የጥሪውን ድምፅ ለአንዱ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቅድም የነካችሁት ምርጫ ላይ የመኪናው ስም ካለ እሱን ምረጡ። ከመረጣችሁት በኋላ ድምፁ ከመጣ ጥፋተኛው ሌላኛው ዕቃ ነበር።

ቮልዩሙ ሙሉ ነው እኮ!

የሙዚቃው ነዋ። የጥሪ ድምፅ መጠን ከሙዚቃው የተለየ ነው፤ ለብቻው ይቀመጣል። ባለፈው ጥሪ ላይ አንድ ሰው ጮኾባችሁ እስከ ዜሮ ዝቅ አድርጋችሁት ከሆነ ዛሬም ዜሮ ነው። ሙዚቃውን 30 ብታደርሱትም አይነካውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው ጥሪው ላይ እያላችሁ ነው። ደውሉ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ የመኪናውን ድምፅ ጨምሩ፤ ከዚያ የስልኩንም በጎኑ ባለው ቁልፍ ጨምሩ። ሁለቱም ለየብቻ ድምፁን መቀነስ የሚችሉበት መኪና አለ።

ይህ ካልሆነ የጥሪ ፈቃዱን እዩ። አንድሮይድ ላይ ብሉቱዝ ውስጥ ገብታችሁ ከመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን ባለ ጥርስ መንኮራኩር የምትመስል ምልክት ስትነኩ Phone calls ወይም Calls የሚል ማብሪያ ታገኛላችሁ። Media audio በርቶ ይሄኛው ከጠፋ ዘፈን ይሠራል፤ ጥሪ ወደ መኪናው አይሄድም። አይፎን ላይ እንዲህ ያለ ማብሪያ የለም። ከስሙ አጠገብ i የምትለዋን ነክታችሁ Device Type የሚለው Car Stereo መሆኑን አረጋግጡ። በተጨማሪ Settings ውስጥ Accessibility፣ ከዚያ Touch፣ ከዚያ Call Audio Routing ግቡ። እዚያ Speaker ተመርጦ ከሆነ ጥሪው ሁሉ ወደ ስልኩ ስፒከር ይሄዳል፤ Automatic አድርጉት።

ሁሉንም አስተካክዬም ካልተሰማስ?

እዚህ ላይ የባለቤቴን ወንድም መኪና ላውጋችሁ። አሮጌ የጃፓን መኪና ናት፤ መሪዋ በቀኝ ነበር፣ በኋላ የቻይና ስክሪን አስገጥሞላታል። ለወራት ሙዚቃ እየሰማ፣ ጥሪ ግን እየደነቆረ ነድቷል። ስልክ ቀየረ፣ ያው ነው። ስክሪኑን የገጠመለት ልጅ «ሶፍትዌሩ ነው» ብሎ ብር ተቀብሎ አደሰለት፤ ያው ነው። ሚስቱ ስልኳን አጣምራ ሞከረች፤ ያው ነው።

እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደወልኩለት። እሱ እኔን አይሰማም። እኔ ግን እሱን ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ የተናገረው ሁሉ ስልኬ ላይ ይመጣል። ይህች ነገር ብዙ ታሳጥራለች። የእሱ ድምፅ እኔ ጋ ከደረሰ የድምፅ መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ መስመሩ ሁለቱንም አቅጣጫ አንድ ላይ ነው የሚይዘው። የእኔም ድምፅ እስከ ስክሪኑ ሳይደርስ አይቀርም። ከስክሪኑ ወደ ጆሮው ባለችው አንድ ሜትር ውስጥ ነው የጠፋው።

ብዙ ቴፖች ሙዚቃን በአራቱም ስፒከር ያወጣሉ፤ የጥሪ ድምፅን ግን በፊተኞቹ ብቻ፣ አንዳንዶቹም ሾፌሩ በኩል ባለው በአንዱ ብቻ። ምክንያት አለው። ድምፁ ለሾፌሩ ቅርብ ይሆናል፤ በየአቅጣጫው ሲጮህ ወደ ማይኩ ተመልሶ እየገባ የሚፈጥረው ማስተጋባትም ይቀንሳል። ስለዚህ ያ አንዱ ስፒከር ከሞተ ሙዚቃው በሦስቱ ይቀጥላል፣ ማንም ልብ አይልም፤ ጥሪው ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

መመርመሪያው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ Balance እና Fader የሚባሉ አሉ፤ ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚገፉ ናቸው። ሙዚቃ ከፈትን፤ ሁሉንም ወደ ሾፌሩ የፊት ጥግ ገፋሁት። ጭጭ አለ። ወደ ተሳፋሪው ጥግ ስገፋው ዘፈኑ ተመለሰ። «እንዴ!» አለ የባለቤቴ ወንድም፤ ለወራት አጠገቡ ያለ በር ዝም ማለቱን አሁን ነው የሰማው።

ስፒከሩ ግን አልተቃጠለም። ሽቦው ነው። በሩና የመኪናው አካል መካከል የጎማ ቱቦ አለ፤ ለመስኮቱ፣ ለቁልፉና ለስፒከሩ የሚሄዱት ሽቦዎች በእሱ ውስጥ ያልፋሉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። ሃያ ዓመት የታጠፈ ሽቦ አንድ ቀን ይበጠሳል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሼ ቱቦውን ሰብሰብ አድርገው የተበጠሰውን አሳዩን፤ ቀጥለው ጠቀለሉት። እዚያው ቆመን ደወልኩ፤ «ሃሎ» ስል ከበሩ ወጣ። የሶፍትዌር እድሳት የተከፈለበት ጉዳይ ይህ ነበር።

አንዳንድ ቴፕ ላይ ደግሞ ሽቦው ደህና ሆኖ Fader ብቻ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይገኛል። የኋላ ባስ የሚወዱ ልጆች መኪናውን ከተዋሱ እሱን መጀመሪያ እዩ።

እነሱ እኔን የማይሰሙኝ ከሆነስ?

ያኔ ማይኩ ነው። ፋብሪካ የገጠመው ቴፕ ላይ ማይኩ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ላይ፣ ከመብራቱ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ኋላ ነው። በኋላ የተገጠመ ስክሪን ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፤ ስክሪኑ ፊት ላይ MIC የምትል ቀዳዳ ያለችው፣ እና በቀጭን ሽቦ ከኋላ የሚሰካው። የሚሰካው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀራል፤ ገጣሚው ቸኩሎ ይተወዋል። ወይም ይሰካና ከዳሽቦርዱ ኋላ ተወሽቆ ይቀራል። ያኔ ሰው ይሰማችኋል፤ ግን ብርድ ልብስ ተሸፋፍናችሁ የምታወሩ ይመስለዋል። ሁለቱም ማይክ ያለው ስክሪን ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ የትኛው ማይክ እንደተመረጠ እዩ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ፋብሪካው ቴፕ ወጥቶ ሌላ ሲገባ የጣሪያው ማይክ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ጋር አይያያዝም። «ቀዳዳው እኮ አለ» ብላችሁ ወደ ላይ ብትጮኹ የሚሰማ የለም።

መደበኛ ጥሪ ይሠራል፤ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ግን እምቢ ይላሉ

ይህ ሌላ ታሪክ ነው። መደበኛው ጥሪ ከሠራ መኪናው፣ ስፒከሩ፣ ማይኩ ደህና ናቸው፤ አትንኩአቸው። የመተግበሪያ ጥሪ ላይ ድምፁ የት ይውጣ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው መተግበሪያው ነው፤ በጥሪው መሐል የስፒከሯን ምልክት ነክታችሁ የመኪናውን ስም ምረጡ። ስሙ ጭራሽ ካልመጣ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ Nearby devices የሚባል ፈቃድ አለ፤ ለመተግበሪያው ከተከለከለ ብሉቱዙን አያየውም። የመተግበሪያው ፈቃዶች ውስጥ ገብታችሁ ፍቀዱለት። የማይክ ፈቃዱንም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ስልኩን በገመድ ሰክታችሁ አንድሮይድ ኦቶ ለምትጠቀሙም አንድ ቃል። ካርታውና ዘፈኑ በገመዱ ይሂድ እንጂ ጥሪው በብሉቱዝ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ «እኔ በገመድ ነኝ፣ ብሉቱዝ አይመለከተኝም» አትበሉ።

ከየትም ካልተገኘ?

እንግዲህ ትውውቁን ማፍረስና እንደገና መጀመር ነው። የብዙ ሰው ስህተት በአንድ በኩል ብቻ ማጥፋት ነው። ስልኩ ላይ Forget ወይም Unpair ብላችሁ ቴፑ ላይ ካልሰረዛችሁ ቴፑ አሮጌውን ቁልፍና አሮጌውን ስምምነት እንደያዘ ይቀራል። ከሁለቱም ሰርዙ። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። መኪናውን አጥፍታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ዘግታችሁ፣ ቆልፋችሁ ጥቂት ደቂቃ ራቅ በሉ፤ ብዙ ቴፕ ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ ወዲያው አይተኛም። ተመልሳችሁ እንደ አዲስ አጣምሩ።

ካልሆነ የቀረው መለዋወጥ ነው። የጓደኛችሁን ስልክ በእናንተ መኪና፣ የእናንተን ስልክ በጓደኛችሁ መኪና ሞክሩ። የጓደኛችሁም ስልክ እናንተ መኪና ላይ ከደነቆረ ጥፋቱ የመኪናው ነው፤ ወደ ስፒከሩና ወደ ማይኩ ተመለሱ። የእናንተ ስልክ ሁለቱም መኪና ላይ ከደነቆረ የስልኩ ነው፤ የኔትወርክ ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው መመለስ ይረዳል፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃላትና ሌሎች የተጣመሩ ዕቃዎች አብረው ሊጠፉ ስለሚችሉ ግን ቀድማችሁ ጻፉ።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ሌላ ስልክ እናንተ መኪና ላይ ይሠራል፣ የእናንተም ስልክ ሌላ መኪና ላይ ይሠራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ይደነቁራሉ። ድምፁ በምን ዓይነት አጨማመቅ ይሂድ በሚለው ላይ አልተግባቡም ማለት ሊሆን ይችላል። የድሮው የብሉቱዝ ጥሪ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ አዲሱ 16,000 ጊዜ፤ አንዱ በአዲሱ ልኮ ሌላው በትክክል ካልፈታው የሚሰማው ዝምታ ወይም ጫጫታ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ስልኩ ሶፍትዌር ካደሰ ማግስት የሚጀምር ችግር እንደዚህ ያለ ነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው የሶፍትዌር እድሳት ትክክለኛው መድኃኒት የሚሆነው፤ የስልኩን ፈልጉ፣ የቴፑንም እንዲሁ። ቴፑ እድሳት የማይወጣለት ዓይነት ከሆነ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ በማቀፊያ አስቀምጡና በራሱ ስፒከር አውሩ።